የአባቴ መርፌ

አባቴ ጅጅጋ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላውን ሰው መሬት የሚያስተኛ አረቄ ጠጥቶ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። እናቴ ስትቆጣው አለመስከሩን ሊያሳያት መርፌ አንስቶ ክሩን ባንዴ ያስገባል። ጎረቤቱም «ይሄ ሰውዬ እኮ አይሰክርም!» እያለ ያደንቀዋል። ያ አድናቆት ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆዱ ሲነፋ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ጉበቱ በመጠጥ መጎዳቱን ሲነግረን እናቴ «ዶክተር፣ እሱ እኮ ሰክሮ አያውቅም» ብላ ተከራከረች።

«አንጎላቸው መጠጡን ስለለመደ ነው ስካሩ የማይታይባቸው» አላት። «ባይሰማቸውም ደማቸው ውስጥ ያለው አልኮል በዚያ አይቀንስም። ጉበታቸው ደግሞ ጉዳቱን አይለምደውም። እንዲያውም ስካሩ ስላልተሰማቸው አብዝተው ጠጡ፣ አብዝተው ተጎዱ።»

እናቴ አላመነችም። የነጠላዋ ጫፍ ላይ የሰካችውን መርፌ ከነክሩ ነቅላ፣ ክሩን አውጥታ ሁለቱንም አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«በል አሳያቸው» አለችው እያለቀሰች።

ጠዋት አረቄ ቀምሶ ስለነበር እጁ አልተንቀጠቀጠም። ክሩን ባንዴ አስገባው፤ እናቴም በተስፋ ቀና አለች።

ሐኪሙ መርፌውን አላየም። መርፌውን የያዙትን ቢጫ ጣቶች ነበር የሚያየው።