ከማርያም እግር ሥር የተደፋችው ሴት

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ትማራለች። ምን እንደሚያበላት እንጃ። ለሐውስአርባይቷ፣ ያው ለጥናት ጽሑፏ፣ የመረጠችው ቤታችን የተሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል ነው።

እናቴ ያሣለችው ነው፤ ልጅ አልበረክትላት ብሎ ቆይቶ እኔ ስተርፍላት፣ ለስለቷ። ማርያም ልጇን ታቅፋለች። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዘው ግራና ቀኝ ቆመዋል። ከሥር ነጠላ የለበሰች ሴት እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ተደፍታለች። እናቴ ናት። ሌላ ምስል የላትም፤ ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተችው ማለት ይቻላል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። ከዚያ በፊት የማነበው እሷን ነበር።

ልጄ ሥዕሉን ክፍል ውስጥ የምታቀርብ ዕለት አብሬ ሄድኩ። ሥዕሉን ለብቻዋ አላስይዛትም።

አስተማሪዋ ሽበታም ጀርመናዊት ናት። ሥዕሉን አቀርቅራ ስታይ ቆየችና፣ «ይህች ሴት አያትሽ መሆኗን በምን አወቅሽ?» አለቻት።

«አባቴ ነግሮኝ።»

«እሳቸው ያሉትን ለብቻው ጻፊው። ሥዕሉ ራሱስ ምን ይላል?»

ልጄ እኔን ሳታይ መለሰች። «መደፋቷ ያሣለችው እሷ መሆኗን ያሳያል። አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ ክርስቲያን ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ ይታያሉ። በዚህ አሣሣል ክፉውን ነው በጎን ስለው አንድ ዓይን የሚያስቀሩለት።»

«ፊቷስ?»

ልጄ ኮምፒውተሯን ነካ አደረገች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሌላ ሥዕል አበራች። የዚሁ የኛው ሠዓሊ እጅ ሳይሆን አይቀርም አለች። እዚያም ከማርያም እግር ሥር አንድ ባለጺም ባላባት ተደፍቷል። ቅንድቡና አፍንጫው በአንድ መስመር የተሳቡ፣ ዓይኑ ያው ዓይን፣ አገጩ ያው አገጭ። ማርያምም ያው ናት፤ መላእክቱም።

«ጺሙን ላጩት፣ እናቴ ነው» አልኩ በተሰባበረው ጀርመንኛዬ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ለማሳቅ ብዬ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ እጄን ያዘች።

«አባዬ፣ ‹መልኳ አይደለም› ብዬ ልጻፍ? ካልፈለግክ ሌላ ሥዕል እፈልጋለሁ።»

«ያየሽውን ጻፊ። ለውሸት ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?»

ወደ ሰፈራችን ግሪስሃይም የሚወስደን ባቡር ውስጥ ሥዕሉን ጭኔ ላይ በጋቢ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ልጄ እስክሪብቶ አወጣች።

«እሺ፣ እውነተኛ መልኳን ንገረኝ። ባንተ ቃል አስገባዋለሁ።»

«ዓይኗ ትልቅ ነበር...» አልኩ። ቅንድቧ ልል ስል አፌ ላይ ቀረ። የሠዓሊው ቅንድብ ነው። አፍንጫዋን ፈለግኩ፤ የሠዓሊው መስመር መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ከሥዕሉ ጀርባ ፈለግኳት። ማንም የለም።

«አባዬ?»

«ጻፊ» አልኳት። «ልጇ አያስታውሳትም በይ።»

አልጻፈችም። እስክሪብቶውን ከደነችው።