የአሥራ ሁለት ቀን ሐዘን

እስከዳር ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሲያለቅስ ውኃ የምታቀርብ እንጂ አብራ የምታለቅስ አልነበረችም። እናቷ ወይዘሮ ገበያነሽ ደሴ ላይ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። እሷ የምትሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ የፈትል ፋብሪካ ውስጥ ነው። እናቷ በታመሙባቸው አሥራ አራት ወራት ከፈረቃ በወጣች ቁጥር በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ተመልሳ ትወርዳለች።

ባለፈው ጥቅምት አረፉ። የቅሬያችን፣ የሠፈራችን ዕድር፣ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ቅሬው ደንቡ የሚያዝዘውን አደረገ፤ ድንኳን ተከለ፣ ሬሳ ተሸከመ፣ አሥራ አምስት ሺህ ብር ሰጠ። ሣጥኑ፣ የመቃብሩ ግንብ፣ የካህናቱ ክፍያ፣ ከኩታበር ለመጣው ዘመድ እስከ ሠልስት የቀረበው ምግብ ግን ከዚያ በላይ ስልሳ ሺህ ብር ፈጀ። እስከዳር ከፋብሪካው የቁጠባ ማኅበርና በእኔ ዋስነት ከሰኞ ገበያ በግ ነጋዴ ተበድራ ከፈለች። ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም።

በሃያኛው ቀን እኔን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ስልኳን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፋ እህትና ወንድሟን ጠርታ ዕዳውን ነገረቻቸው። ታላቅ ወንድሟ ምንተስኖት ካናዳ የጭነት መኪና ይነዳል። ታናሿ ጽናት ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች።

«ቅሬው የሚቀብር መስሎኝ!» አለ ምንተስኖት ደንግጦ።

«ቅሬ አፈር ያለብሳል እንጂ እንግዳ አያበላም» አልኩት።

«እንግዲያው ለሦስት እኩል ነዋ። ሃያ ሃያ ሺህ። የአንድ እናት ልጆች አይደለን?»

እስከዳር «እሺ» አለች፤ ቶሎ ነው ያለችው። አሁንም ውኃ ማቅረቧ ነበር።

«ምን እሺ ትያለሽ!» አለች ጽናት ከቤይሩት፣ ማዳሟ እንዳትሰማ በሹክሹክታ። «ሃያ ሺህ ከየት አባትሽ?»

«አንተ ልጅ» አልኩት ምንተስኖትን፣ «ሒሳብ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ አሳፈርከኝ። ከቤት ኪራይና ከልጆችህ ቀለብ በቀን ምን ይተርፍሃል?»

አሰበና በእኛ ብር አራት ሺህ ሦስት መቶ ያህል አለ። ጽናት ስድስት መቶ አለች። እስከዳር ወለሉን አይታ «መቶ» አለች።

«ሃያ ሺህ ለአንተ አምስት ቀን አይሞላም፤ ለእሷ ሁለት መቶ ቀን ነው።»

ከዚያ ምንተስኖት በተሰበረ ድምፅ፣ «በቃ ጋሽ ይስማው፣ ሁሉንም እኔ ልክፈል። እስኩ ማስታመሟ አይበቃትም?» አለ።

እስከዳር ያን ጊዜ ነው የተነሣችው። «እናቴን ማጠቤን በገንዘብ አትመንዝረው! አንተ ብቻህን ከቀበርካት እኛ ምኗ ነን? ለቀስተኛ?»

ብዙ ዓመት ስለ ፍትሕ አንብቤአለሁ። እኩል ማካፈልና ሁሉን መሸከም ሁለቱም ሰውን ሊያጎድሉ እንደሚችሉ ግን ከዚያች ፈታይ ተማርኩ። ገንዘቡን ተውትና ቀን አዋጡ አልኳቸው። የሦስቱ የቀን ትርፍ ሲደመር አምስት ሺህ ነው፤ ስልሳው ሺህ በአሥራ ሁለት ቀን ይሞላል። ሁሉም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቀን ለእናታቸው ይሠራሉ፤ ከየእጁ የሚወጣው ብር ይለያያል፣ ቀኑ ግን አንድ ነው።

«ከሰኞ እንጀምራ፣ እኩል» አለች ጽናት። «እሑድን እንዝለል።»

«አንቺ እሑድ ታርፊያለሽ እንዴ?» አላት ምንተስኖት።

«ዕረፍትስ የለኝም። እሑዱን ለማዳሜ እቆጥርላታለሁ።»

ሐዘን ከተቀመጥን ወዲህ እስከዳር ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ እንደነገረችኝ፣ ስልኳ ጠዋትና ማታ ይጮህ ነበር። ምንተስኖት ከበረዷማ መንገድ ዳር «ሦስተኛዬን ጨረስኩ፣ እማዬ ምን ትለኝ ነበር?» ይላል። ጽናት ደረጃ እያጠበች ትደውላለች፤ የባልዲው ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ስምንት ዓመት አንድ ማዕድ ያልቆረሱ ልጆች በአንድ ቤት የሚውሉ መሰሉ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ እስከዳር ከኮምቦልቻ መጣች። የወንድሟ ሃምሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶና የእህቷ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ባንክ ገብቷል። እሷ የራሷን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዕዳው ሞላ።

ወዲያው የጽናት የድምፅ መልእክት ገባ። «እስኩ፣ አለቀ እኮ። ሰኞ ለማን ብዬ ልነሣ?»

እስከዳር መልሳ ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ብሩን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«ጋሽ ይስማው፣ ለአርባው ስንት ቀን ይወጣል?»