የአራት ላም እሳት

ወሎ ሰፈር ውስጥ ጄኔሬተር እሸጣለሁ። የእኔ ዕቃ ካልጮኸ ሰው አያምነውም፤ ገዢው ገመዱን ስቦ ሰፈሩን ካላደነቆረ ከኪሱ ብር አይወጣም። ስለዚህ ከመሬት ስር ተቀብሮ ድምፁን ሳያሰማ እሳት የሚሰጥ ነገር ሲገጥመኝ ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገሩ የአማቴ ነው። አማቴ ከሳሊተ ምሕረት ጀርባ፣ ፎቅ ከየአቅጣጫው በከበበው አሮጌ ግቢ ውስጥ አራት የወተት ላሞች አሏት። ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ከወሎ ነው፤ ላም የሌለበት ቤት ለሷ በር የሌለው ቤት ነው። ከግቢው አጥር ጋር ተያይዛ ደግሞ ባለቤቴ ትንሽ ቁርስ ቤት አላት። ፉል፣ ቅንጬ፣ እንቁላል፣ ሻይ። ደንበኞቿ ሹፌሮችና የግንባታ ሠራተኞች ናቸው፤ ጠዋት በልተው ሲወጡ እስከ ማታ የሚይዛቸውን ነው የሚፈልጉት።

ላሞቹ እንዲሸጡ የፈለገው የባለቤቴ ወንድም ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ጭነት ክፍል ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲመዝን ስለሚውል ያልተመዘነ ነገር አይዋጥለትም። ክፉ ልጅ አይደለም። የእናቱ ጉልበት ታሟል፣ ጎረቤት በእበቱ ሽታ ያጉረመርማል፣ የመኖው ነገር ደግሞ አይነሳ። ላሞቹን የሚወስድ ሰውም ከወደ ለገጣፎ መጥቶ አይቷቸው ሄዷል።

«እማ፣ እስኪ ንገሪኝ፣ እነዚህ ላሞች ላንቺ ምን ይሠራሉ?» አላት አንድ ቀን ሁላችንም በተቀመጥንበት።

«አንተን አሳድገዋል።»

«እሱ አለፈ። አሁንስ?»

አማቴ ወደ ግቢው ጥግ፣ ባለፈው ክረምት ማግስት ወዳስቆፈረችው፣ እበት አብላልቶ ጋዝ ወደሚያወጣው የባዮጋዝ ማብላያ በአገጯ አመለከተች። «አሁን ደግሞ ያበስላሉ።»

ውሉ የተዋዋለው እዚያው ነው። ጋዙ የቁርስ ቤቱን የቀን ሥራ ያለ ከሰል ከቻለ ላሞቹ ይቀመጣሉ፣ እሱም ዳግመኛ ስለመሸጥ አያነሳም። ካልቻለ ይሸጣሉ፣ እሷም አታለቅስም። አማቴ «ወላሂ አላለቅስም» ብላ እጇን ሰጠችው። እሱ ወዲያው ስልኩ ላይ ማስያ ከፈተ።

እሑድ መጣና የአራቱን ላሞች የቀን እበት በሚዛን መዘነ። አርባ ስምንት ኪሎ። ማብላያውን የሠራው ባለሙያ፣ ትኩስ እበት ከተመጣጣኝ ውኃ ጋር ተደባልቆ ሲገባ አንዱ ኪሎ ወደ አርባ ሊትር ጋዝ እንደሚሰጥ ነግሮን ነበር፤ ብርድ ሲሆን ያንሳል። ልጁ አባዛ፤ ሁለት ሜትር ኩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አንዱ ምድጃ በሰዓት አራት መቶ ሊትር ገደማ ይበላል። ስለዚህ አምስት ሰዓት የማይሞላ እሳት በየቀኑ። ቁርስ ቤቱ የሚፈልገው ማታ ለፉሉ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጠዋት ለቅንጬው፣ ለሻዩና ለእንቁላሉ ሁለት ሰዓት ነው። በወረቀት ላይ ይበቃል፣ ለቡና የሚሆን ደቂቃም ይተርፋል።

ልጁ እዚህ ላይ አላቆመም። «አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ውስጥ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት አለ። በቀን አሥራ አንድ ገደማ ማለት ነው! ጎበዝ፣ ይሄንን በጄኔሬተር ብንቀይረው ምጣዱንም በመብራት እንሠራበት ነበር። ሼባው፣ አንተ ጄኔሬተር አለህ አይደል?»

ዕቃ ሊገዛኝ የመጣን ሰው መመለስ ልማዴ አይደለም። ግን የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሠርግ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን።

«ስማ፣ ያ አሥራ አንድ ሙቀት ነው እንጂ መብራት አይደለም» አልኩት። «ትንሽ ሞተር የምትሰጠውን ነዳጅ ሩቡን መብራት ያደርግልሃል፤ ሌላውን በጭስ ማውጫውና በገላው ሙቀት አድርጎ ይተፋዋል። ከአሥራ አንዱ ሦስት ብታገኝ ነው። ምጣድህ ሦስት ተኩል ይስባል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ያልቃል።»

«ሦስት ብቻ?»

«በጄኔሬተር ከሆነ አዎ። ጋዙን በቀጥታ ድስት ስር ብታነደው ግን ግማሹ ሙቀት ድስቱ ውስጥ ይገባል። ያንኑ ሥራ በኤሌክትሪክ ምድጃ ልሥራ ብትል፣ እሱም የሚያባክነው አለና፣ ቆጣሪህ ስምንት ገደማ ይቆጥርብሃል።»

አማቴ ስትሰማ ቆይታ፣ «እሳትን መብራት አድርጎ፣ መብራቱን ደግሞ መልሶ እሳት?» አለች። «ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው በጅማ ይዞራል እንዴ?»

ልጁ ሳቀ። ጄኔሬተሩ ቀረ። በሕይወቴ በገዛ አንደበቴ ያበላሸሁት ሽያጭ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ ልጁ የጋዝ ቆጣሪ ቧንቧው ላይ አስገጠመ። ፈተናው ተጀመረ፤ ተጀምሮም ሦስት ቀን ሳይሞላው ነገሩ ተበላሸ። ማታ ፉሉ ደህና ይበስላል፤ ጠዋት ግን ቅንጬው ገና ሲንተከተክ ሰማያዊው እሳት ያጥርና ይጠፋል። ባለቤቴ እንቁላሉን በከሰል ላይ ጠብሳ ታቀርባለች። ሹፌሮቹ ቀልደኞች ናቸው፤ «ላሞቹ ዛሬ አድማ መቱ እንዴ?» ይላሉ። እሷ ትስቃለች፣ ጓዳ ገብታ ግን አትስቅም። ቆጣሪው በቀን አንድ ነጥብ ሦስት ሜትር ኩብ ነው የሚያሳየው። ሦስት ሰዓትና ትንሽ ማለት ነው። ሁለት ተኩሉን ፉሉ ከበላ ጠዋት ምን ይቀራል?

ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ቧንቧውን በሳሙና አረፋ ፈተሸ፤ የሚያፈስ የለም። በረኪና ጋዙን የሚሠሩትን ጀርሞች ስለሚገድል በረቱ በሱ እንዳይታጠብ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበርና እሱንም ጠየቀ፤ በረኪና አልነካውም። ውኃውም ልክ ነው። «ምግቡ አንሷል እንጂ በሽታ የለበትም» ብሎ ሄደ። ልጁ ግን በእጁ መዝኗል። አርባ ስምንት አርባ ስምንት ነው። «ላሞቹን የሚወስደው ሰው እየደወለ ነው፣ እማ» አላት ቀስ ብሎ። እሷም «ውል ውል ነው» አለች።

በእኛ ንግድ ዕቃ ሲጎድል መዝገብ አትገልጥም፤ በሩ ላይ ትቆማለህ። ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ዘግይቼ ልከፍት ወስኜ በረቱ አጠገብ ቆምኩ። አማቴ እበቱን በአካፋ እየሰበሰበች ነበር። ጎረቤቷ ገባች። ይህች ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ ኩበት እየጠፈጠፈች ለጠላ ጠማቂዎች በመሸጥ የምትኖር ናት። አማቴ ሳትጠየቅ የመጀመሪያውን ባልዲ ጢም አድርጋ ሞላችላት። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመም ትንሽ አወሩ፣ ሴትየዋ መረቀች፣ ሄደች። ከዚያ አማቴ የቀረውን ወደ ማብላያው ጉድጓድ ወሰደች።

«እማማ፣ ይህ በየቀኑ ነው?» አልኳት።

«ከእሑድ በቀር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።»

እሑድ። ልጁ የመዘነው እሑድ ነው። ባልዲውን በዓይኔ ገመትኩት፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ኪሎ። የጎደለው ጋዝ እሱ ነው፤ ሌላ ሌባ የለም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» ብሎ ልጁ ማታ ጮኸባት።

«ምኑን ልንገርህ?» አማቴ በእውነት ገርሟት ነበር። «እሱ የሷ ነው። የእኔ ያልሆነውን እንዴት አድርጌ ከእኔ ጋር እቆጥራለሁ? ገና አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ከዚህ በረት የመጀመሪያው ባልዲ የጎረቤት ነው።»

«በቃ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተይው። ፈተናው እስኪያልፍ።»

«አልተውም።»

«ላሞቹ ይሸጣሉ እኮ!»

«ይሸጡ። የሰው ጉሮሮ ዘግቼ ላም አላስቀምጥም።»

ባለቤቴ አለቀሰች። ልጁ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ስንት ዓይነት ደንበኛ አሳምኛለሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን የሚሸጥ ነገር አልነበረም።

በግቢያችን ግድግዳው ጆሮ ብቻ ሳይሆን እግርም አለው። በማግስቱ ጎረቤቷ በሰዓቷ መጣች። አማቴ እንደ ወትሮው ባልዲዋን ሞላችላት። ሴትየዋ ባልዲውን አንስታ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ቀጥታ ወደ ማብላያው ሄዳ እንዳለ ገለበጠችው፣ ውኃ ጨመረችበት፣ በእንጨቱም ታማስለው ጀመር።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለቻት አማቴ።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ጽድቅ እየሠራሁ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ላሞቹ ከተሸጡ እኔ ከማን በረት ልለቅም ነው? ከፎቁ ነው?»

«ኩበትሽስ?»

ሴትየዋ ከማብላያው በወዲያኛው በኩል ተብላልቶ የሚወጣውን ዝቃጭ አሳየቻት። «መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ልጆች ይህን ነገር ሲፈልጉ አይቻለሁ። አይሸትም፣ ዝንብ አያመጣም። ይህን ስጪኝ፣ አድርቄ እሸጥላቸዋለሁ። እሳቱን አንቺ ውሰጂ፣ የተረፈውን እኔ።»

ሁለቱ ተያዩ። አማቴ ቀስ ብላ «የመጀመሪያው ባልዲ ግን ዝቃጭም ቢሆን ያንቺ ነው» አለች። ነገሩ እንዲህ አለቀ። በሥራዬ ብዙ ድርድር አይቻለሁ፤ ሁለቱም ወገን የማያተርፍ መስሎት ገብቶ፣ ሁለቱም አትርፎ የወጣበትን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ጋዙ ግን በማግስቱ አልመጣም። ማብላያ ትልቅ ሆድ ነው፤ ዛሬ ያጎረስከውን ቀስ እያለ ነው የሚፈጨው። ልጁም ሰው ነውና የፈተናውን ጊዜ አራዘመ። ለላም ገዢው «ትንሽ ይጠብቁን» አለው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ቆጣሪውን ፎቶ ያነሳል። አንድ ነጥብ አራት። ሌላ ጊዜ አንድ ነጥብ አምስት። ሳምንታት እየሄዱ ሲመጡ አንድ ነጥብ ስምንትን አልፎ እዚያው ቆመ።

ቁርስ ቤቱ ውስጥ የከሰል ምድጃው ሳይቀጣጠል የዋለበት የመጀመሪያው ጠዋት ትዝ ይለኛል። ፉሉ ማታውኑ በስሏል፤ ቅንጬው ወርዷል፤ የመጨረሻው ሹፌር እንቁላሉን ሲያዝ እሳቱ ገና ሰማያዊ ነበር። የዚያን ቀን በሰፈሩ መብራት ስለጠፋ ፎቅ ላይ ያሉት ሁለት ጎረቤቶች፣ ስለ ሽታ ሲያጉረመርሙ የነበሩት፣ ሻይ ፍለጋ ወርደው ተሰልፈዋል። አማቴ ለሁለቱም ቀድታ «በላሞቹ ነው የፈላው፣ ቅመሱት» አለቻቸው። አንደኛው ጎንጨት ብሎ «አይሸትም» አለ። «ለምን ይሸታል?» አለችው፤ «የሚሸተውን እኮ ነው ያነደድነው።»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ያንን ሻይ ስጠጣ ምስጋናዬን ለማን እንደምሰጥ አላወቅሁም። ለባለሙያው? ለላሞቹ? ባልዲዋን ለገለበጠችው ሴት? እስከ ዛሬ እያዞርኩ አመሰግናቸዋለሁ፤ አንዱን መምረጥ ቢሆንብኝ ግን ሴትየዋን ነው። ሦስት ሰዓት ብቻ የነበረውን እሳት ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ያደረገችው እሷ ናት።

ልጁ ደግሞ በራፉ ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣና ደወለ። ከወዲያ ያለው ሰው ለገጣፎ ያለው ገዢ መሆኑን ከንግግሩ አወቅን።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላሞቹ አይሸጡም።»

ሰውየው የሆነ ነገር ጠየቀው።

«ኧረ በዋጋ አይደለም» አለ ልጁ፣ እናቱን እያየ። «ሥራ ላይ ናቸው።»

አማቴ «አልሃምዱሊላህ» አለችና መኖ ልትሰጣቸው ወደ በረቱ ሄደች።