አዲስ አበባ የሚሰማ፣ ራይስዋይክ የማይሰማ ስልክ

ጓደኛዬ ውድነሽ ስትናደድ ድስት ትፈትጋለች። የዚያን ቀን ሙርዋይክ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ስገባ የታጠበውን ድስት እንደገና እየፈተገች ነበር።

ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ጎረቤት ከተማ ራይስዋይክ ያለው ቢሮዋ «ስንደውል አታነሺም» ብሎ ፈረቃዋን ለሌላ ሰው ሰጥቶባታል። ቤቷ ውስጥ ዋይፋይ እንጂ የሞባይል ኔትወርክ የለም። በዝናብ በረንዳ ወጥታ ስትደውልላቸው ደግሞ ክርክሩ ሳያልቅ መስመሩ ይቋረጣል።

«የስልክ ኩባንያው ምን አለሽ?» አልኳት።

«‹በዋይፋይ ደውዪ› ይሉኛል! ከእህቴ ጋር በዋትስአፕ አዲስ አበባ ድረስ የማወራው በምንድን ነው? በከሰል ነው?»

ስልኳን ተቀበልኳት። ዋትስአፕ ሌላ ነው፤ ቢሮው የሚደውለው በመደበኛ ቁጥሯ ነው። መደበኛው ጥሪ በቤቷ ኢንተርኔት እንዲገባ የሚያደርገው ማብሪያ ሴቲንግ ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል። አበራሁት። ይህን ለመንገር ስንት ቃል ይፈጃል? እኔም ደሜ ፈላ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ቢሮው ነበር።

«በስንት መከራ አነሳሽ!» አለች አለቃዋ።

ውድነሽ እጇን አደረቀች፤ የበረንዳውን በር ዘጋች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ የወራት ንዴቷን ከመጀመሪያው ጀመረችላት። አለቃዋ እንደ ወትሮው መስመሩ እስኪቋረጥ ሳትጠብቅ አልቀረችም።

አልተቋረጠም።