ሞቷል የተባለው የብርቅዬ ላፕቶፕ

ሰበታ ውስጥ ብርቅዬን «ይሄ ነገር አይሆንም» ከማለት ዝም ማለት ይሻላል። አይሆንም ከተባለችማ እልህ ይይዛታል፤ እልህ ከያዛት ደግሞ የሚመልሳት የለም። ከፋብሪካ የፈረቃ ሥራዋን ጥላ የወጣችውም በእልህ ነው። «ከእንግዲህ አለቃ የሚባል ፍጡር አይጮህብኝም!» አለችና ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ማዶ ቆርቆሮ ጥላ ሠርታ፣ ላፕቶፕና ፕሪንተር አስቀምጣ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነች። በአማርኛም በኦሮምኛም ትጽፋለች። የመሬት ክርክር በሉት፣ የሥራ ማመልከቻ በሉት፣ እሷ ጋ የማይመጣ ጉዳይ የለም።

ችግሩ ላፕቶፑ ነበር። አሥር ዓመት የሆነው ዕቃ ነው። ባትሪው አብጦ ከወጣለት ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ይላል። ዊንዶውሱ ደግሞ እየከበደው ሄዶ አንድ ገጽ እስኪከፍት ደንበኛው ቆሞ ቆሞ ይሰለችና «መጣሁ» ብሎ በዚያው ይቀራል።

የት ይሄዳል? ወንዳፍራሽ ጋ ነዋ! ወንዳፍራሽ ከመንገዱ ማዶ አዳዲስ ኮምፒውተር ደርድሮ የጽሕፈት አገልግሎት የከፈተ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደውም ይሄው ነው።

«ብሬ፣ ይሄን ሬሳ ለቆራሌው ስጪና እኔ ጋ ግቢ» አላት። «ወንበር አዘጋጅቼልሻለሁ። እስከ ሐሙስ ካልመጣሽ ግን ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

ብርቅዬ መያዣ መጨበጫው ጠፋት። እምቢ እንዳትል፣ እንጀራዋ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ እየሞተ ነው። እሺ እንዳትል፣ ያ አለቃ የሚባለው ፍጡር መንገድ ተሻግሮ ሊመጣባት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ ታክሲ ተራው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጂሬኛ ጋ ሄደች። ጂሬኛ ከፍቶ አየው።

«ራሙ ሁለት ጊጋ ነው። ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ልጨምርልሽ አልችልም። ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ነው፣ ሁለት ኮር። ደግነቱ ስልሳ አራት ቢት ነው።»

«በአማርኛ ንገረኝ። ሞቷል?»

«ማን ሞተ አለሽ? የተሸከመው ነው የከበደው። ዊንዶውሱን አጥፍተን በምትኩ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም እንጭንለታለን። የትኛውንም ሊኑክስ ግን አይችልም። ኡቡንቱን ብጭንበት ያው ነው፣ ያንቃዋል። ሚንት ይነሳ ይሆናል፣ ኢንተርኔት ስትከፍቺ ግን ያቃስታል። አንቲኤክስ የሚባል ቀላል አለ፤ ሲነሳ ከሦስት መቶ ሜጋ ብዙም አይዘልም። የቀረው ራም ላንቺ ሥራ ይተርፋል።»

መጀመሪያ ፋይሎቿን ገለበጠላት። ከዚያ ዲስኩን ሳይነካ አንቲኤክሱን ከፍላሽ ላይ አስነሳውና «ሞክሪው» አላት። ጻፈችበት። አልተንቀራፈፈም! ያኔ ነው ዊንዶውሱን አጥፍቶ የጫነላት። የአማርኛ ፊደሉንና ኪቦርዱን፣ ፕሪንተሩንም አስተካከለላት።

«ኢንተርኔት ስትገቢ አንድ ገጽ ብቻ ክፈቺ፤ አሥር ገጽ ከደረደርሽበት ያው ሁለት ጊጋ ነው። ደግሞ የሰዓቱ ክብ ባትሪ አልቋል። ቡራዩ እሄዳለሁ፣ ከዚያ አመጣልሻለሁ። እስከዚያ ከሶኬት በነቀልሽው ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ሲጠይቅሽ አስገቢለት።»

ሐሙስ ጠዋት ጥላዋ ሥር ሰካችው። እውነትም ገና ሲነሳ ቀን ጠየቃት። አስገባች፦ ቀን 9፣ ወር 4፣ ዓመት 2018፣ ሰዓት 3:00። ተነሳ! የመጀመሪያዋን ማመልከቻ ደንበኛዋ ቁጭ ብላ ሳትጨርስ አትማ ሰጠቻት። ብርቅዬ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ወደ ማዶ እያየች ጮክ ብላ ሳቀች።

ኦቦ ዲሪርሳ መጡ። የመናገሻ ገበሬ ናቸው፤ እጃቸው ላይ የልጃቸው የሄመን ዲፕሎማ አለ።

«አካም ጂርቱ ኦቦ ዲሪርሳ! ይቀመጡ።»

«ነጋ፣ ልጄ። ሄመን አራስ ናት፣ መውጣት አልቻለችም። የሥራ ፈተናው ምዝገባ ዛሬ ይዘጋል አሉ። አደራሽን።»

ዲፕሎማውን በፕሪንተሩ ስካን አደረገች፣ ለኢንተርኔት ስልኳን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘች፣ የምዝገባውን ድረ ገጽ ከፈተች። እምቢ! ሌላ ድረ ገጽ ሞከረች። እሱም እምቢ! በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ድቅን ይላል።

«ማል ጄዳ? ምን ይላል?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

«የኮምፒውተርሽ ሰዓት ተሳስቷል ይላል። ዛሬ 2018 ነው ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ በደህና መገናኘት አይቻልም ነው የሚለው።» ብርቅዬ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «ታዲያ 2018 አይደለም እንዴ? ስንት ሊሆን ነበር!»

ሰውየው ጣራውን እያዩ አሰቡ። «2018 ነው» አሉ በርግጠኝነት።

ጂሬኛ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ወንዳፍራሽ ጩኸቷን ሰምቶ መንገዱን ተሻገረ። ማስጠንቀቂያውን አየና ሳቀ። «2018 ነዋ! ዓመት የማያውቅ ዕቃ ነው የጫነልሽ። አላልኩሽም? ኦቦ ዲሪርሳ፣ ወዲህ ይምጡ። ሰልፍ አለ፣ ግን ይደርስዎታል።»

ብርቅዬ ሊኑክስ የተባለውን ሁሉ በሆዷ ረገመችው። ግን የሰው ልጅ ምን አደረገች? «ይሂዱ» አለች ወደ ማዶ እያመለከተች። «በእኔ እልህ ሄመን አትቀር።»

ኦቦ ዲሪርሳ የማዶውን ሰልፍ አዩ። ሰልፉ ከደጁ አልፎ አስፋልት ወጥቷል። «ትንሽ ልቀመጥ» አሉ። «አንቺም ትንሽ ሞክሪ።»

«እንግዲያው ዝም ብለን አንቀመጥ፤ ፎርሙ የሚጠይቀውን ጽፌ ልጠብቅ። ሄመን መቼ ተወለደች?»

«ጥር ዘጠኝ፣ 1993።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለች ብርቅዬ።

ይህን ሳትጠይቅ ፎርም ሞልታ አታውቅም፤ ከአፏ የወጣው በልማድ ነው። ግን እንደወጣ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ።

«በእኛ ነዋ! በማን ልትወለድ ኖሯል?» አሉ ሰውየው ትንሽ ቅር ብሏቸው።

«ወይኔ ጉዴ!» ብርቅዬ ከወንበሯ ዘለለች። «በእኛ! ኦቦ ዲሪርሳ፣ በእኛ ነው ያስገባሁለት! የፈረንጅ ዕቃ በእኛ ምን ያውቃል? በእሱ 2018 ማለት ከሰባት ዓመት በፊት ነው! ድረ ገጾቹ እውነተኛነታቸውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት አላቸው፣ ገና አልተሰጠም ብሎ ነው የሚመልሳቸው!»

የቀን ማስተካከያውን ከፈተች። 2025፣ ወር 12፣ ቀን 18። ሰዓቱንም አልማረችውም፤ ስድስት ሰዓት ጨመረችበት። ድረ ገጹ እልል ብሎ ተከፈተ! አንድ ገጽ ብቻ ከፍታ፣ ሌላውን ሁሉ ዘግታ ፎርሙን ሞላች፣ ዲፕሎማውን ጫነች፣ ላከች። የምዝገባ ቁጥሩ መጣ። አትማ ለኦቦ ዲሪርሳ ሰጠቻቸው።

«ገለቶሚ! ተባረኪ!» አሉ ወረቀቱን ኪሳቸው ሲያስገቡ፣ እጇን ጨብጠው አልለቅ ብለው።

ወንዳፍራሽ አሁንም አጠገቧ ቆሟል። የሚሆነውን ሁሉ አይቷል። ሳቁ ጠፍቶ ነበር፤ ግን ሰው አይደል፣ በቀላሉ አይሸነፍም።

«እሺ፣ ዛሬ ሠራ። ነገ ደግሞ ቢሞትብሽስ? ወንበሩ ባዶ ነው፣ ብሬ። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ብርቅዬ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ተረጋግታለች።

«ቢሞት ሬሳውን የማነሳው እኔ ነኝ፣ ወንዴ፤ ጠረጴዛው የእኔ፣ ጥላውም የእኔ ነው። ወንበርህን አለቃ ለሚወድ ስጥ። አሁን ዞር በል፣ ደንበኛ ጋርደሃል።»