በመግዣና በመሸጫ መካከል

የብቸናዋ አየሁሽ እህል ስትነግድ ዓመታት አልፈዋል። የሚያንገበግባት መክሰሯ ብቻ ሳይሆን ግምቷ ብዙም ሳይሳሳት መክሰሯ ነበር። ጤፍ ሊወደድ ነው ሲባል ባቄላዋን ሸጣ ጤፍ ትገዛለች፤ ባቄላ ተፈለገ ሲሏት ጤፉን ሰጥታ ወደ ባቄላ ትመለሳለች። ዋጋው ሳይወርድ፣ እህሉ ሳይነቅዝ፣ ጆንያዎቿ እያነሱ ሄዱ። እህቷ በዛብሽ «ዓይን በልቶሽ ነው፤ ጠበል ግቢ» አለቻት። ገባች። ጆንያው ግን መቀነሱን አልተወም።

ነገሩ የተገለጠላት ሞጣ ላይ ነው። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከባለመጋዘኑ ከጋሽ ደምለው አምስት ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ ኩንታሉን በአሥራ ሁለት ሺህ ብር ገዛች። ተመዝኖ፣ አፉ ተሰፍቶ ደጃፍ ላይ ተደረደረላት። ወዲያው ወደ ብቸና ሊጭንላት የነበረው የአይሱዙ ሾፌር ደወለ፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል፣ አይመጣም።

«ጋሽ ደምለው፣ እባክዎ ጤፉን መልሰው ይግዙኝ» አለች።

«በአሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ እወስድልሻለሁ።»

«ምነው፣ አሁን በአሥራ ሁለት አልነበር የሸጡልኝ? ገበያው ወረደ እንዴ?»

«አልወረደም። ያ መሸጫዬ ነው፣ ይሄ መግዣዬ።»

«ጤፉ ያው ጤፍ፣ ሰዓቱ ያው ሰዓት!»

«ልጄ፣ ገበሬ ሲመጣ ሳላስጠብቅ የምገዛው እኔ፣ ገዥ ሲመጣ ሳላስጠብቅ የምሸጥለት እኔ። መካከሉ የእኔ እንጀራ ነው።»

አየሁሽ ጆንያዎቹን ቆማ አየቻቸው። በኩንታል ስድስት መቶ ብር። ደላላ አልጠየቃትም፣ ደረሰኝ አልተቆረጠበትም፤ ዋጋው ውስጥ ተሰፍቶ የገባ ነው። ከባቄላ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ ባቄላ በተገላበጠች ቁጥር በባለመጋዘኖች መግዣ ሸጣ በእነሱ መሸጫ ስትገዛ ኖራለች። እንኳን ልታተርፍ፣ ገንዘቧን ለማስመለስ እንኳ መጀመሪያ ዋጋው ያን ክፍተት መውጣት ነበረበት።

«እኔን የበላኝ ዓይን አይደለማ!» አለች ጮክ ብላ። «አልሸጥልዎትም።»

ምግብ ቤት ካላት ከይርጋነሽ ጓዳ ተከራይታ እህሉን አስገባች። በሚቀጥለው ገበያ ሸራ አነጠፈች፤ ሚዛን ተከራየች፤ ከመጋዘኑ ትይዩ ተቀምጣ ድምፅዋን ለቀቀችው። «ጤፍ እሸጣለሁ፣ አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ! ጤፍ እገዛለሁ፣ አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ!»

ጋሽ ደምለው ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። «ሁለቱን ዋጋ ባንድ አፍ ምን ያስጮህሻል? ዋጋ የሚያወጣ መጋዘን ያለው ነው። አንቺ ማን ነሽ?»

«ገዥም ሻጭም ነኝ። እርስዎስ ከዚህ ሌላ ምን ነዎት?»

ያን ቀን ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ የቀረባት አልነበረም። ወዛደሮቹ ባለመጋዘኖቹን ፈርተው ጆንያዋን ለመሸከም እንቢ አሉ። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ደምለውም የሚሸጡት ይህንኑ አለመጠበቅ መሆኑን ያኔ ገባት። ቢሆንም ስድስት መቶ አያወጣም አለችና አልተነሣችም። ማምሻውን ይርጋነሽ ራሷ አንድ ኩንታል ገዛች። በሳምንቱ ሰማው የሚባል ገበሬ ጤፍ የጫኑ አህዮቹን ወደ መጋዘኑ ሲነዳ ጥሪዋን ሰምቶ ወደ እሷ መለሳቸው። ከእሱ የገዛችውን እዚያው ለሌላ ሸጠች፤ ለእሷ በኩንታል ሁለት መቶ፣ ለሰማው ከደምለው መግዣ ሁለት መቶ ብልጫ፣ ለገዥው ከደምለው መሸጫ ሁለት መቶ ቅናሽ።

ወሬው ገበያውን አዳረሰ። ጋሽ ደምለውም ሳይወዱ መግዣቸውን ከፍ፣ መሸጫቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ስድስት መቶው ሦስት መቶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መንገድ የተዘጋበት ሰሞን መጣ። መኪና ጠፋ፤ የነገውን ዋጋ የሚያውቅ ታጣ፤ ደምለውም ክፍተታቸውን መልሰው አሰፉ። አየሁሽ የገዛችው እህል እጇ ላይ እያለ ዋጋው እንዳይወድቅባት ሰግታ መግዣዋን አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ መሸጫዋን አሥራ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አደረገች። ሰማው ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ።

«አንቺም ደምለው ሆንሽ?»

ነገሩ ቆረቆራት፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። «ነገ በስንት እንደምሸጠው አላውቅም። ለስጋቴ አስከፍልሃለሁ፤ ደብቄ ግን አላስከፍልህም፤ ሁለቱንም ዋጋ ሰምተሃል። ከበዛብህ እንደኔ ቁጭ በልና ገዥ ጠብቅ!»

«እጠብቃለሁ!» አለ ሰማው። ጆንያውን ከጎኗ አወረደና አፍሮ እያጉተመተመ ጠራ፤ «ጤፍ፣ አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ...»

ከእሷ መሸጫ በመቶ ብር ያነሰ ነበር። አየሁሽ በጎን አየችው። ከዚያ ሸራዋን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።

«ጮክ በል እንጂ» አለችው፤ «መጋዘኑ ድረስ ይሰማ!»