የተደገመው ቤት

አመተ ማርያም ኔትወርክን የምታምነው የሐምሌን ሰማይ የምታምነውን ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ፎቶ ወይም ሰነድ ወደ ድራይቭ ስትጭን መስመሩ ከተቋረጠ እንደገና ትጭናለች፤ ገብቶ ይሆን ብላ ከተጠራጠረች ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ስሙንም እጇ እንዳመጣላት ነው የምትጽፈው፤ አንዱን ሰው አንዴ «ኃይለ ሚካኤል»፣ አንዴ «ሀይለ ሚካኤል»፣ ስትቸኩል «ሃይለሚካኤል»። በአንዱ ሆሄ ስትፈልገው በሌላው የተጻፈው አይመጣላትም፤ ጠፋ ብላ እንደገና ትጭነዋለች። በዚህ አያያዟ የአንድ ምእመን የክርስትና ምስክር ወረቀት አምስት ቦታ ተቀምጧል። ሰውየው የተጠመቀው ግን አንዴ ነው።

በሁለት ሺህ ዐሥር ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ድራይቩ ሞልቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም አላት። የመረጠው ቀን! የኔታ ወልደ ሩፋኤል፣ የዲማው የቅኔ መምህር፣ የሟች መምህራቸውን የቅኔ ደብተር ሊያሳትሙ ነው። ማተሚያ ቤቱ የገጾቹ ፎቶ ከአዲሱ መግቢያ ጋር እስከ ዓርብ በድራይቭ ይድረሰኝ ብሏል። መግቢያው ደግሞ ገና አልተጫነም።

የኔታን የሚያንገበግባቸው ሌላም ነገር ነበር። አምና ክረምት ዝናቡ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ጥግ አጥቦ የመጨረሻዋን ስንኝ ወስዶባቸዋል። እሳቸው ስንኝን «ቤት» ነው የሚሉት። ቅኔውን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ያቺ አንዲት ቤት ግን አልመጣ አለቻቸው። «ጣሪያው ቢያፈስ ቤቴን ወሰደብኝ» ይሉ ነበር ለጠየቃቸው ሁሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም።

አመተ ማርያም ኮምፒውተር ጠጋኙን ቢተውን አማከረች። «ስሙን አይተሽ እንዳታጠፊ» አላት። «መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ አውርጂ። ከዚያ ይኼ ፕሮግራም የፋይሉን ውስጡን ያነጻጽርልሻል።» ዲስኩንም አዋሳት፤ ዓርብ ግን አጥፍቶ ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል።

ማውረዱ ሁለት ቀን ፈጀ። ፕሮግራሙ ውስጣቸው ፍጹም አንድ የሆኑትን፣ በየትኛውም ሆሄ ይጻፉ፣ ጎን ለጎን ደረደረላት። ከየመደቡ አንዱን እያስቀረች ሌላውን ከድራይቩ ወደ መጣያው ላከች። በዚህ ብትበቃ ምን ነበረበት! የደብተሩን ገጾች ግን ሁለት ጊዜ አንስታቸዋለች፤ ከሦስት ዓመት በፊት በአሮጌ ስልኳ፣ ዘንድሮ በኅዳር ደግሞ በጥሩ ካሜራ። ፎቶዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ፕሮግራሙ ዝም አላቸው። እሷ ግን አዲሱና የጠራው ካለ አሮጌው ምን ያደርጋል ብላ ደብዛዞቹን ሁሉ በገዛ እጇ ጣለቻቸው።

ማክሰኞ ጠዋት የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ።

«የኔታ፣ አይጨነቁ» አለች ወንበር እያቀረበች። «የተደገመውን ሁሉ ጥያለሁ። መጣያውን ባዶ ሳደርገው ቦታው ይለቀቃል።»

«የተደገመውን? እኔም ዛሬ ዳዊት ደግሜ ነው የመጣሁ። እሱንም ልታጠፊው ነው?»

«ኧረ የኔታ! ፎቶውን ነው እንጂ።»

«እስቲ የጣልሽውን አሳይኝ።»

መጣያውን ከፈተችላቸው። የኔታ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ትንንሾቹን ሥዕሎች አንድ በአንድ አዩ። ድንገት ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቆመ።

«የዚች ገጽ ጥግ ለምን ነጣ?»

አመተ ማርያም የጠራውን ፎቶ ከጎኗ ከፈተች። የእሱ ጥግ በውኃ ቡናማ ሆኗል። የጣለችው ከዝናቡ በፊት የተነሣ ነበር! «ባዶ አድርግ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብትጫን፣ ዓርብም ዲስኩ ሲጠፋ፣ ያከትም ነበር። ከመጣያው ወደ ቦታዋ መልሳ ከፈተቻትና አጎላቻት። ጽሑፉ ደብዛዛ ነው፤ ይነበባል ግን።

የኔታ ፊደል በፊደል ለቀሙት። ከዚያ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱና ስንኟን በሙሉ ድምፅ በዜማ ለቀቋት። ከውጭ ምስክር ወረቀት የሚጠብቁ ሰዎች በበሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ቤቴ ገባሁ!» አሉ የኔታ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ይስቃሉ። አመተ ማርያምም ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖ አብራ አለቀሰች።

ደብዛዞቹን ሁሉ ከመጣያው መለሰችና ከጠሩት ጋር አንድ በአንድ አብረው አመሳከሩ። ሌላ የጎደለ አልተገኘም። ያቺን ገጽ አስቀርታ የቀሩትን መልሳ ጣለች፤ መጣያውን ባዶ አደረገች፤ ቦታውም ተለቀቀ። መግቢያውን አንዴ ብቻ ጫነችው። ለሁለተኛ ጊዜ ልትጭን እጇ ሄዶ ነበር፤ ራሷን ገሠጸችና መግባቱን ከፍታ አየች። ገብቷል።

የኔታ ሊሄዱ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጠራቻቸው።

«የኔታ፣ ያችን ቤት እባክዎ ይድገሙልኝ።»

«ልታጠፊያት ነው?» አሉ እየሳቁ። ደገሙላት።